ሲቪ፦ ለየማስታወቂያው አዲስ ወይስ ሦስት ዓይነት?

ደሴ ሆኖ በአካውንቲንግ ዲግሪ ሥራ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ባንክ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ኤንጂኦ ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሲቪውን እንደ አዲስ ቢጽፍ፣ የተጠየቀው ነገር ፊት ለፊት ይታያል። አጣሪው አይቸገርም። ግን ጊዜ ይበላል። ማመልከቻ ሲበዛ ደግሞ ለባንኩ በሚላከው ላይ የፋብሪካው ስም ሳይቀየር ይቀራል፤ ይሄ ያሳዝናል።

እኔ ሦስት ሲቪ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ዱቄት ፋብሪካ ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ እንውሰድ። ልምዷ ያው ነው፤ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። ለፋብሪካ የስቶር ቆጠራና የምርት ወጪ ስሌት ይቀድማል። ለባንክ የጥሬ ገንዘብ ርክክብና ደንበኛ ማስተናገድ። ለኤንጂኦ የበጀት ክትትልና ሪፖርት፤ በእርግጥ የሠራችውን ብቻ።

ከዚያ በኋላ በየማስታወቂያው የምትነካው ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ነው። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ከተጠየቀና የምትችል ከሆነ፣ እዚያው ይግባ።

የኤንጂኦ ማስታወቂያ መመዘኛውን አንድ በአንድ ከዘረዘረ ግን ሙሉውን እንደገና መጻፍ ያዋጣል። በየጊዜው ግማሽ ገጽ የምትቀይር ከሆነ ደግሞ፣ አራተኛ ሲቪ ያስፈልጋታል ማለት ነው።