ታይላኮይድ እና ማይቶኮንድሪያ፦ ጉልበቱ በምን መልክ ይቀመጣል?

መጀመሪያ አቅጣጫውን ያዙ። በማይቶኮንድሪያ ኤሌክትሮን ከኤንኤዲኤች ተነስቶ ቁልቁል ወደ ኦክስጅን ይወርዳል፤ ፕሮቶኑ ከማትሪክስ ወደ ውጭ ይገፋል። በክሎሮፕላስት ውስጥ ባለው ሽፋን፣ በታይላኮይድ፣ ኤሌክትሮኑ ከውሃ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ኤንኤዲፒ ስለሚሄድ ብርሃን የግድ ነው። ፕሮቶኑም ወደ ውስጥ፣ ወደ ሉመን ይገባል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ግን ሌላ ነው። ፕሮቶኑ ሲገፋ ጉልበቱ በሽፋኑ ግራና ቀኝ በሁለት መልክ ይቀመጣል፦ በቮልቴጅና በፒኤች ልዩነት። በታይላኮይድ ክሎራይድ ፕሮቶኑን ተከትሎ ስለሚገባና ማግኒዚየም ስለሚወጣ ቮልቴጁ ይዳከምና የሚቀረው በአብዛኛው የፒኤች ልዩነት ነው፤ ከታይላኮይዱ ውጭ ያለው ስትሮማ 8 አካባቢ ሲሆን ሉመኑ ወደ 6 ይወርዳል። በማይቶኮንድሪያ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቮልቴጅ ነው፣ 150 ሚሊቮልት ገደማ።

ፈተናው ላይ ናይጀሪሲን ከፖታሲየም ጋር ተጨመረ ቢላችሁ፣ ፕሮቶንን በፖታሲየም ስለሚለውጥ የፒኤች ልዩነቱን ብቻ ያጠፋል። ታይላኮይዱ ኤቲፒ መሥራት ያቆማል፤ ማይቶኮንድሪያው ግን በቮልቴጁ ይቀጥላል።