ለቧንቧ ባለሙያው ምስጋና፣ አዲስ ቧንቧ ለሚያፈስባችሁ ጥቆማ

አዲስ የገዛሁት የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ማፍሰስ ጀምሮ፣ በዋስትናው መሠረት እንዲተካልኝ የረዳኝን የቧንቧ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም፤ ስልኩን ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ቧንቧው ከተገጠመ ብዙም ሳይቆይ፣ እጀታው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቶ እያለ ከአፉ ይንጠባጠብ ጀመር። የገዛሁበት ሱቅ ሰዎች ዕቃውን ለማየት እንኳ ሳይፈልጉ «የገጠመው ሰው ጥፋት ነው፤ ዋስትናው ይህንን አይሸፍንም» ብለው መለሱኝ፤ ደግሜ ስሄድ «ኃላፊው የለም» ተባልኩ። ጠርቼው የነበረ ሌላ ሠራተኛ ደግሞ ምንም ሳይመረምር ፈትቼ የውስጡን ልቀይር ብሎ ተነሣ። እንኳንም በዋጋ አልተስማማን!

ይህ ባለሙያ ግን መፍቻውን ከሻንጣው አላወጣም። «ዋስትና ያለው ዕቃ ከተፈታ ተነካክቷል ብለው ሊመልሱብዎት ይችላሉ» አለኝና ቧንቧውን ዙሪያውን በጨርቅ አደረቀው፤ ከሥር ባሉት መጋጠሚያዎች ላይም ደረቅ ሶፍት ጠቅልሎ ጠበቅን። ሶፍቱ እንደደረቀ ቀረ፤ ከአፉ ግን ጠብታው ቀጠለ። አገጣጠሙ ቢበላሽ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጥበው መጋጠሚያው እንደሆነ ነገረኝ፤ ስለ ውስጡ የነገረኝን ግን እኔ ብዙም አልገባኝም። «አሸዋ ገብቶበት ነው» እንዳይሉን ብሎም ለገጠመው ሰው ደውሎ፣ ቧንቧው ከመገጠሙ በፊት መስመሩ በውሃ መታጠቡን አረጋገጠ።

ከዚያም ደብዳቤውን አብሮኝ ጻፈ፤ ዋናው ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «በደረሰኙ ላይ በተመለከተው ቀን ከሱቃችሁ የገዛሁት ቧንቧ እጀታው ተዘግቶ እያለ ከአፉ ውሃ ያንጠባጥባል። የሥር መጋጠሚያዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ቧንቧውም አልተፈታም። የማምረቻ ጉድለት ያለበት ዕቃ በአዲስ እንደሚተካ በዋስትና ወረቀቱ ላይ ስለተገለጸና ጊዜውም ስላላለፈ እንዲተካልኝ፣ የማይተካ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

የደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን ቅጂ ብቻ አያይዤ ዋናዎቹን እኔ ዘንድ እንዳስቀር፣ በሁለተኛው የደብዳቤ ቅጂ ላይም ተቀባዩን እንዳስፈርም አሳሰበኝ። ፈርሙልኝ ባልኩ ጊዜ የሌለው ኃላፊ ተገኘ! «ምክንያቱ በጽሑፍ» የምትለውን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ ሠራተኛ ልኮ አስፈተሸ፤ ጠብታውም ስለታየ አዲሱ ቧንቧ ተሰጠኝ።

ባለሙያው መልሶ ሲገጥምልኝ የመግጠሚያውን ብቻ ተቀበለ፤ ለደብዳቤው ልክፈል ብለው እምቢ አለ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ያለ አግባብ የማያስከፍል ሰው ነው። አዲስ ቧንቧ የሚያፈስባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ማንም እንዲፈታው ከመፍቀዳችሁ በፊት ለእሱ ደውሉለት።