የመገናኛው ልጅ እግዜር ይስጥህ፣ ኤርፖዴ ሳወልቀው ዝም ማለት ጀመረ

ሰላም ናችሁ? እኔ እዚህ ብቅ የምለው ሳማርር እንደሆነ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ዛሬ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት፣ እግረ መንገዴንም ኤርፖዱ ያስቸገረው ሰው ካለ የት እንደሚሄድ ልጠቁም።

ኤርፖድ ስል የአፕል እንዳይመስላችሁ፣ እኛ ጋ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ገመድ አልባ ነገር ሁሉ ኤርፖድ ነው። የኔው የሳምሰንግ Galaxy Buds2 ነው፣ እህቴ ከሜሪላንድ የላከችልኝ፣ ሁለት አመት ሊሞላው ነው። ትረካ ነው የምሰማበት። ጠዋት ከአያት ተነስቼ ሜክሲኮ እስክደርስ አንድ ምዕራፍ፣ ማታ ስመለስ አንድ ምዕራፍ፣ በቃ የኔ እረፍት እሱ ነው።

ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሳወልቀው አይቆምም። ቢሮ ገብቼ ሁለቱንም አውልቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ቆሟል ብዬ ስራዬን እሰራለሁ፣ ምሳ ሰአት ላይ ሳነሳው ባለታሪኩ አግብቶ ወልዶ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል፣ ባትሪውም ሊያልቅ ምንም አልቀረው፣ የት ጋ እንደነበርኩ ለማግኘት ደግሞ ወደ ኋላ ሳንሸራትት የምሳ ሰአቴ ያልቃል። ሁለተኛው የዚህ ግልባጭ ነው፣ መቆም በሌለበት ጊዜ ይቆማል። ስካርፍ ስለማስር ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ አካባቢ ሳስተካክል ነው የምውለው፣ ጣቴ ነካ ካደረገው ትረካው ቀጥ፣ ሁለቴ ከነካው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እልም፣ ስልክ እያወራሁ ከሆነ ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። አለቃዬ ላይ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ዘግቼበታለሁ፣ ሁለተኛው ላይ መልሶም አልደወለም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ሱቅ ስሙ ይቅርና፣ እጁ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይሄ አይሰራም፣ አዲስ ግዢ" አለኝና አዲሱን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመረ። እኔም ልገዛ ነበር እኮ፣ ብሩ ስላልሞላልኝ ነው የተረፍኩት።

ከዛ የስራ ባልደረባዬ ናት መገናኛ ያለውን ልጅ የጠቆመችኝ። ህንጻው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ስር አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ጠባብ ሱቅ ናት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ አጉሊ መነጽር። ልጁ ኤርፖዱን ከመንካቱ በፊት ጠየቀኝ። "እህቴ፣ ስታወልቂ አንዱን ነው ወይስ ሁለቱንም?" አለኝ። አንዳንዴ አንዱን አንዳንዴ ሁለቱን አልኩት። "አንዱን ብቻ ስታወልቂ ይሄ አይቆምም፣ አሰራሩ ነው፣ ሁለቱም ከጆሮሽ ሲወጡ ነው የሚያቆመው። ሌላ አይነት አለ አንዱን ስታወጪ የሚቆም፣ ይሄኛው ግን እንደዛ አይደለም" አለኝ። ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ሂሳብ ልስጥ ብዬ አንዱን ሳወጣ የሚቀጥለው ለካ ብልሽት አይደለም። ሁለት አመት ሙሉ ይሄን አላውቅም ነበር።

ሁለቱም ወጥተው ለምን እንደማይቆም ደግሞ ያገኘበት መንገድ ነው የገረመኝ። ትረካውን ከስልኬ ከፍቶ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው፣ እንዳልኩትም ይቀጥላል። ከዛ የቀኙን በጣቱ መታ አደረገው፣ ምንም የለም። የግራውን መታ ሲያደርገው ቆመ። ሳቅ አለና "የግራው ጆሮሽ ውስጥ ያለ መስሎታል" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኤርፖዱ ጆሮ ውስጥ ካልሆነ ንክኪ አይቀበልም፣ ኪስና ቦርሳ ውስጥ በነካነው ቁጥር እንዳይረብሽ። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ንክኪ ከተቀበለ፣ ራሱን ጆሮ ውስጥ ነኝ ብሎ ያስባል ማለት ነው። ሁለቱም መውጣታቸውን ካላወቀ ደግሞ አያቆምም፣ የቀኙ ደህና ሆኖ ሳለ የግራው አንዱ ብቻ ሁሉንም ነገር ያበላሻል።

ጎማውን አወለቀና በአጉሊ መነጽሩ አሳየኝ። በውስጥ በኩል፣ ጆሮን የሚነካው ጎን ላይ፣ ጥቁር መስታወት የምትመስል ትንሽዬ መስኮት አለች፣ እኔ እስከዛሬ ጌጥ ነበር የሚመስለኝ። በእሷ በኩል ለአይን የማይታይ ብርሃን ይወጣል፣ ቆዳ ላይ አርፎ ሲመለስ ጆሮ ውስጥ ነኝ ይላል፣ ሳይመለስ ሲቀር ወጥቻለሁ ይላል። የኔ የግራው መስኮት ላይ የጆሮ ኩክ ከቫዝሊን ጋር ተላቁጦ ደርቆበታል (ጠዋት ጠዋት ፊቴን ተቀብቼ ወዲያው ነዋ የምሰካው፣ ማፈሬን አትጠይቁኝ)። ብርሃኑ ከቆሻሻው ላይ እየተመለሰ ቆዳ ነው እያለ ነው ለካ። ሲሊኮን ልባስ የሚያለብሱትም ሰዎች መስኮቷ ከተሸፈነች እንደዚሁ ይሆንባቸዋል አለኝ።

የጸዳው በደረቅ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ጠረገው፣ ከዛ በጥጥ፣ ጥጡን ሁለት ሶስት ጊዜ ቀየረ። እኔ ቤት በእርጥብ ሶፍትና በመርፌ ነበር የምጎረጉረው፣ ስነግረው ፊቱን ኮሰኮሰ። መርፌው መስኮቷን ይጭራል፣ የድምጹን ወንፊትም ይቀድዳል፣ እርጥቡ ደግሞ ቅባቱን ከማንሳት ይልቅ ይለቀልቀዋል አለኝ። ጨርሶ እንደገና አጋደማቸው፣ አሁን የግራውንም ቢመታው ዝም። ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ትረካ ከፍቼ ሁለቱንም ሳወጣቸው ቆመ። አስር ደቂቃ አልፈጀም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ አመሰግነው ነበር፣ እሱ ግን "ንክኪውን ደግሞ እናስተካክለው" ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ። Galaxy Wearable የሚባለው አፕ ስልኬ ላይ ነበር፣ ባትሪ ለማየት ብቻ ነው የምከፍተው። Touch controls ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ንክኪ ለየብቻው ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ አንዴ መንካት፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ፣ ተጭኖ መያዝ፣ የስልክ ጥሪው ደግሞ ለብቻው። ሁሉንም አጥፋልኝ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። "የትኛውን ነው አስበሽ የምትጠቀሚው?" አለኝ። ሳስበው አንድም ቀን ሆን ብዬ አንዴ ነክቼ አቁሜ አላውቅም፣ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው፣ ስካርፍ ሲስተካከል ጣት አንዴ ነው የሚነካው። እሱን አጠፋው። ሁለቴና ሶስቴውም ምዕራፍ ያዘልሉብኛል፣ ትረካ ለሚሰማ ሰው ምን ያደርጋሉ፣ ጠፉ። ተጭኖ መያዙን ግን ተወልኝ፣ የውጪ ድምጽ ማፈኛውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው፣ ታክሲ ስገባ እፈልገዋለሁ፣ ደግሞም ጣት በስህተት ነካ ያደርጋል እንጂ ተጭኖ አይቆይም።

ጥሪው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ሁለቴ መንካት ጥሪ ያነሳል፣ ያው ንክኪ ደግሞ ይዘጋል። ካጠፋሁት አለቃዬ ላይ አልዘጋም፣ ግን ሲደወልልኝም ከጆሮዬ ላይ ማንሳት አልችልም፣ ስልኩን ከቦርሳ ማውጣት አለብኝ። "እጅሽ ሁሌ ስራ ላይ ከሆነ ተዪው" አለኝ። እኔ ወንበር ላይ የምውል የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ አጥፋው አልኩት። ምግብ አብሳይ ወይ ሹፌር ብሆን አላጠፋውም ነበር።

ሌላም ነገር አሳየኝ፣ In-ear detection for calls የሚል አለ፣ እያወራን ሁለቱንም ስናወልቅ ድምጹን ወደ ስልኩ ያዞረዋል። የኔ ድሮም በርቶ ነበር፣ ግን አውልቄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "ሄሎ ሄሎ" ስል ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመው ኤርፖድ ውስጥ ነው የሚያወራው። ኔትወርክ ነበር የምረግመው። ያውም ያቺው የግራዋ መስኮት ናት ለካ።

አሁን ሶስት ሳምንት ሆነኝ። የማይመቸኝንም ልናገር፣ መልሼ ስሰካው ትረካው በራሱ አይጀምርም፣ አንዴ መንካቱም ስለጠፋ ከስልኬ ላይ ነው የማስጀምረው። ያናድዳል፣ ግን ምዕራፍ ከመፈለግ ይሻለኛል። ደግሞ አውልቄ ሁለቱንም በመዳፌ ጭብጥ አድርጌ ከያዝኳቸው አንዳንዴ ይቀጥላል፣ የመዳፌ ቆዳ ጆሮ እየመሰለው ነው፣ ይሄንንም ልጁ አስቀድሞ ነግሮኛል፣ ኬዙ ውስጥ ክተቺው ብሎ። በሳምንት አንዴ እሁድ ማታ በደረቅ ጥጥ እጠርጋታለሁ፣ ቫዝሊኑንም ከተቀባሁ በኋላ እስኪደርቅ ሻይ እጠጣለሁ።

የጠየቀኝ 200 ብር ነው፣ ያውም ለማጽዳቱ፣ ሴቲንጉን "እሱ ምን ያስከፍላል" ብሎ ተወው። አዲስ ግዢ አላለኝም፣ መደርደሪያው ላይ ሶስት አዲስ ተደርድሮ እያየሁት። ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ ስምህንና ስልክህን እንዳልጽፍ ስላልከኝ አልጻፍኩም።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ ህንጻውን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ኤርፖዱን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ የምትጠቀሙበትንም ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፣ አፑ ያለ ስልኩ አይከፈትም፣ አንዷ ባዶ እጇን መጥታ ሲመልሳት አይቻለሁ። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ለዚህ ለBuds2 አፑ አይፎን ላይ ስለሌለ የአንድሮይድ ስልክ ለምናችሁም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። ከስድስት እስከ ሰባት ሰአት ግን አትድከሙ፣ ምሳ ላይ ነው፣ በሩ ላይ ወረቀት እንኳ አይለጥፍም።