በሰዓት ወይስ በቁርጥ?

ለደንበኛ በግሌ ስሠራ በሰዓት ላስከፍል ወይስ ለሥራው በሙሉ አንድ ቁርጥ ዋጋ ልጥራ? በሁለቱም መንገድ የሚያከስረው መነሻው ነው፤ የሰዓት ዋጋን አሳንሶ መጀመር። በወር 40,000 ብር እንዲቀረኝ እፈልጋለሁ፣ ለኢንተርኔት፣ ለመብራትና ለሶፍትዌር ደግሞ 8,000 ይወጣል እንበል (ግብሩን ለጊዜው እንተወው)። 48,000ን ለወሩ 160 የሥራ ሰዓት ያካፈለ ሰው 300 ብር ያገኛል። ደንበኛ የሚከፍልበት ግን ግማሹ ቢሆን ነው፤ ሌላው በስልክ፣ በድርድርና "ክፍያው እንዴት ሆነ?" በማለት ያልቃል። ስለዚህ ዋጋዬ 600 ነው።

አሁን አንድ ካፌ ሎጎና ሜኑ አዘዘኝ፤ 20 ሰዓት ገመትኩ። በሰዓት ከሆነ 12,000 ብር ገደማ ነው። ባለቤቱ "እስቲ በቡናማ ደግሞ እንየው" ባለ ቁጥር ይከፍላል፣ እኔ አልጎዳም። እሱ ግን መጨረሻውን ስለማያውቅ በሁለተኛው ሳምንት "ይሄን ሁሉ ሰዓት ምን ሠራህ?" ይላል። እጄ ሲፈጥን ደግሞ ገቢዬ ይቀንሳል።

በቁርጥ ከሆነ ያንኑ 12,000 መጥራት ስህተት ነው፤ ግምቴ ቢሳሳት ኪሳራው የኔ ብቻ ነዋ። 30 በመቶ ጨምሬ 15,600 እላለሁ፤ ይህ እስከ 26 ሰዓት ያስኬደኛል። እርማቱ ሳይገደብ ሥራው 39 ሰዓት ቢደርስ ግን የሰዓት ዋጋዬ 400 ብር ይሆናል። ስለዚህ "ሁለት ዙር እርማት፣ ከዚያ በላይ በሰዓት 600" ብዬ እጽፋለሁ፣ ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ።

ለእንዲህ ያለ ሥራ እኔ ቁርጡን እመርጣለሁ። የምግቦቹ ዝርዝር ገና ካልተወሰነ ግን በሰዓት፣ ያውም ጣሪያ አበጅቼለት።