ብቅ ጥልቅ የሚለው የሲንክ ክዳን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ክዳን የገጠምኩት ሜሪላንድ ያለው ቤታችን ውስጥ፣ ልጆቼ በሚጠቀሙበት መታጠቢያ ክፍል ነው። ከቧንቧው ጀርባ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ስትስቧት ክዳኑ ይዘጋል፣ ወደ ታች ስትጫኗት ብቅ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ያለው ዓይነት ነው። አዲስ አበባም በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ይታያል። የእኔው 1 ከ¼ ኢንች ለሆነ የእጅ መታጠቢያ ፍሳሽ የሚሆን፣ ገላው ነሐስ፣ ላዩ ክሮም የተቀባ ነው። ከገጠምኩት ወራት አልፈዋል። በቅርቡ ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀረና ሙሉ በሙሉ አውጥቼ አጸዳሁት። ስለ ዕቃው ያለኝን አስተያየት የቀየረው ያን ቀን ያየሁት ነገር ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል። ሲንኩ ሥር በርከክ ብላችሁ በስልካችሁ ባትሪ ብታበሩ፣ ከላይ የምትመጣው ዘንግ ብዙ ቀዳዳ ካለው ጠፍጣፋ ብረት ጋር በትንሽ ብሎን ታስራ ታያላችሁ። በዚያ ጠፍጣፋ ብረት በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ አግዳሚ ዘንግ ያልፋል። እንዳይንሸራተት ቆንጥጦ የሚይዘው ትንሽ ሞላ አለ። አግዳሚው ዘንግ መሃሉ ላይ ኳስ አለው። ኳሱ ከፍሳሽ ቱቦው ጀርባ በዳዶ ታስሮ ተቀምጧል። የዘንጉ ጫፍ ቱቦው ውስጥ ገብቶ የክዳኑን እግር ከሥር ይዞ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። የውጭው ጫፍ ሲወርድ የውስጡ ይነሳል። ሥራው ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አላስቸገረኝም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፣ ውሃ ሞልታችሁ ብትተዉት አይጎድልም። ክሮሙም አልደበዘዘም። ከዚያ ውሃው መዘግየት ጀመረ። ልጆቹ ጥርሳቸውን ሲቦርሹ አረፋው ሲንኩ ውስጥ ይቆያል፣ ሲወርድም ዙሪያውን ነጭ መስመር ትቶ ይሄዳል። ቀጥሎ ዘንጓ እየጠነከረች መጣች። በመጨረሻ ክዳኑ ሳይዘጋም ሳይከፈትም ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ፈሳሽ ቱቦ ማጽጃ ገዝቶ መድፋት ነው። እባካችሁ ክዳኑ በተጣበቀበት ሲንክ ላይ አታድርጉት። ኃይለኛው ማጽጃ አይወርድም፣ እዚያው ይቆማል። ከዚያ ከሥር ዳዶውን ስትፈቱ በቀጥታ እጃችሁና ፊታችሁ ላይ ይፈስሳል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ማደባለቅ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ከመፍታቴ በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት ፈለግሁ። ሞላውን በሁለት ጣት ጨምቄ አግዳሚውን ዘንግ ከጠፍጣፋው ብረት አላቀቅሁ። አሁን ሁለቱን ለየብቻ መሞከር ይቻላል። የላይኛዋ ዘንግ ያለ ችግር ወጣች፣ ወረደች። አግዳሚው ግን በእጄ ብገፋው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ወይ ኳሱ ጋ ወይ ቱቦው ውስጥ ነው። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም አግዳሚው ፈታ ብሎ የላይኛዋ ብትጠነክር ኖሮ፣ ምንም ዳዶ መፍታት አያስፈልግም ነበር። ከቧንቧው ጀርባ ያለውን ቀዳዳ ማጽዳትና የተጣመመውን ጠፍጣፋ ብረት ማቃናት ይበቃል። ዘንጓ እንደ ልብ ወጥታ ወርዳ ክዳኑ ዝም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ሞላው ወልቋል ወይ አግዳሚው ዘንግ በዝገት ተበልቶ ተሰብሯል።

ከሥር ያለውን ዕቃ ሁሉ አወጣሁና ባልዲ አስቀመጥኩ። ክዳኑ ገና እላዩ ላይ እያለ ሶፍት በሞቀ አቼቶ ነክሬ ዙሪያውን ጠቀጠቅኩበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ተውኩት። የፈላ ውሃ አልደፋሁም። ሸክላውን ሊሰነጥቅ፣ ከሥር ያሉትን የፕላስቲክ ቱቦዎችም ሊያጣምም ይችላል። ከዚያ ዳዶውን በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ወደ ግራ ፈታሁት። የመጀመሪያውን እንቢታ ካለፈ በኋላ በእጅ ይዞራል። ዳዶው ፕላስቲክ ከሆነ ፒንሳውን ቀስ አድርጉት፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ዘንጉን ሳወጣ በቀዳዳው በኩል ጥቁር ውሃ ወረደ። ባልዲው ለዚህ ነው።

ዘንጉ ከወጣ ክዳኑ ከላይ በእጅ መነሳት አለበት። የእኔው አልተነሳም። የላስቲክ ጓንት አጥልቄ ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ ቀስ በቀስ ሳብኩት። በጉልበት ከላይ በካቻቪቴ መፈልቀቅ አያስፈልግም፣ ክሮሙን ይልጠዋል፣ ሸክላውንም ይቧጭራል። ሲወጣ አብሮት የመጣ ሌላ ነገርም ነበር።

የክዳኑ እግር ታችኛው ጫፍ ላይ ቀለበት አለው። አግዳሚው ዘንግ የሚያልፈው በዚያ ቀለበት ነው። ፀጉሩ የተጠመጠመው እዚያ ላይ ነበር፣ ሌላ የትም አይደለም። አንድ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ግራጫ፣ ሙልጭልጭ የሚል ገመድ። መሃሉ ላይ የሹሩባ ማስረዘሚያ ፀጉር ነበር። እሱ አይበሰብስም፣ አይበጠስም፣ የተፈጥሮውን ፀጉር ይዞ ያከማቻል። ላዩ ላይ የፀጉር ቅባት፣ የሳሙና ዝቃጭና የጥርስ ሳሙና ተደራርቧል። ቤታችን ውስጥ ፀጉር በቅቤም በቫዝሊንም ይቀባል፣ እጅ የሚታጠበውም እዚሁ ሲንክ ላይ ነው። ቅባቱ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ይረጋል፣ ፀጉሩን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ጠጣሩ ነጭ ቅርፊት ደግሞ ከውሃው ኖራ የመጣ ነው።

አጸዳዱ ቀላል ነው፣ ግን ቦታ ቦታ አለው። ፀጉሩን በመቀስ ቆርጬ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጣልኩት፣ ተመልሶ ቱቦ ውስጥ መግባት የለበትም። ቅባቱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በሞቀ ውሃ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣሁ። ቅርፊቱን ደግሞ በአቼቶ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ አቼቶ ቅባት ላይ አይሠራም፣ ቅባቱ ካልተነሳ ቅርፊቱ ጋ አይደርስም። ክሮሙን አቼቶ ውስጥ አሳድሬ አልተውኩትም፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ያደበዝዘዋል። የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ከላይ እስከ ታች ፈተግሁ። ሲንኩ ሞልቶ እንዳይፈስ ከላይ በኩል ያለችው ቀዳዳ የምትወርደው እዚሁ ቱቦ ውስጥ ነው። ሲንክ ተጸድቶም ሽታው አልለቅ ሲል ብዙ ጊዜ መነሻው እሷ ናት። እሷንም በቀጭን ብሩሽ አጸዳሁ።

ቅር ያሰኘኝ አግዳሚው ዘንግ ነው። ከኳሱ ወዲያ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ጫፉ፣ ክሮሙ ተላጥቶ ዝጓል። ገላው ነሐስ ሆኖ ዘንጉን ተራ ብረት ማድረጋቸው አይገባኝም። ሁልጊዜ ውሃ የሚነካው እሱ ነው። ሻካራ ሲሆን ደግሞ ፀጉር ይበልጥ ይይዛል። ለጊዜው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ኳሱን ግን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት። በሳሙና ብቻ ታጥቦ ለስላሳ መሆን አለበት፣ ከተቧጨረ ያንጠባጥባል። ከኳሱ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ቀለበቶችም በየቦታቸው መመለስ አለባቸው። አንዱ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ።

ስመልሰው አንድ ነገር ቀየርኩ። አብዛኛዎቹ ክዳኖች ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አላቸው። አንዱ ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ያኔ ክዳኑን ማንም ከላይ ሊያወጣው አይችልም። ሌላው ክዳኑን አዙሮ እግሩ ዘንጉ ላይ ዝም ብሎ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ያኔም ይከፈታል፣ በራሱ ክብደት ይዘጋል፣ ግን ከላይ በጣት ይነሳል። አሁን በሁለተኛው መንገድ ነው ያለው። ዓሥራ አምስት ቀን በሆነ ቁጥር አንስቼ፣ የያዘውን ፀጉር ጠርጌ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከሥር መግባት የለ፣ ፒንሳ የለ። ጉዳቱ ትንሽ ልጅ አውጥቶት ሊጫወት፣ በተከፈተው ጉድጓድም ቀለበትና ጉትቻ ሊገባ መቻሉ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ቢሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ዳዶውን በእጅ እስኪቆም ካጠበቃችሁ በኋላ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ከሄደ ኳሱ ይታፈንና ዘንጓ እንደገና ትጠነክራለች። ሲንኩን ሞልቼ በአንድ ጊዜ ለቀቅሁት፣ ደረቅ ሶፍትም ዳዶው ሥር ያዝኩ። አልረጠበም። ክዳኑ ግን መጀመሪያ ላይ በቂ ከፍታ አላገኘም። ጠፍጣፋው ብረት ላይ ያለውን ብሎን አላልቼ ብረቱን ትንሽ ዝቅ አደረግሁና መልሼ አጠበቅሁ። ዘንጓ ስትጫን አግዳሚው ወደ ውጭ አዘቅዝቆ መታየት አለበት። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የማይዘጋ ቢሆን ኖሮ ብረቱን በተቃራኒው ከፍ ማድረግ ነበር።

ሥራው ካለቀ በኋላ ውሃው ቶሎ ነው የሚወርደው። አንድ የምታጣሩት ነገር አለ፦ ክዳኑ ወጥቶ ቧንቧው ሲከፈትም ውሃው ከቆመ ጥፋቱ የክዳኑ አይደለም። ከሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ፣ ማለትም ሲፎኑ፣ ወይም ከእሱ ወዲያ ያለው ቱቦ ተዘግቷል ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው።

ዕቃውን ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ገላውንና አዘጋጉን ብቻ ብትጠይቁኝ አዎ፣ እንከን አላገኘሁበትም። የአግዳሚው ዘንግ ጥራት ግን የሌላውን ያህል አይደለም። ለብቻው ይሸጣል፣ አይዝጌ ብረት የሆነውን ፈልጉ። የኳሱ ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አሮጌውን ከነኳሱና ከነዳዶው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ አስተያዩት። የእኔ ዝገት ተመልሶ ከመጣ የማደርገው ይህንኑ ነው።