የእንግዳ ዋይፋይ በደሴ ቤታችን፦ ከ11 ወር በኋላ

የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ነው። ደሴ ቤት ያለው ሰው ከ18 ጀምሮ ፍራሽ ያነጥፋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ እኛ ጋ አድሮ ነው ወደ አምባሰል የሚወጣው። አምና እኛ ቤት ያደሩት አሥራ አንድ ነበሩ። እንጀራው በቃ፣ ፍራሹም በቃ፣ ኢንተርኔቱ ግን እንኳን ለእነሱ ለእኔም ጠፋ። የምሠራው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ሥዕሎቹን የምልከው ከቤት ነው። ያን ሌሊት አንድ 40 ሜጋባይት ፋይል ሦስት ጊዜ ተቋርጦብኝ በመጨረሻ በሞባይል ዳታ ላክሁት።

በጥቅምት ራውተር ገዛሁ። AC1200 የሚባለው ደረጃ፣ አራት አንቴና ያለው፣ ባለ ሁለት ባንድ፣ የእንግዳ ኔትወርክ የሚያወጣ። ስሙን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው፤ በዚህ ደረጃ ያሉት አብዛኞቹ ይህንኑ ያደርጋሉ። ከመስመሩ ሞደም ጋር በኬብል አገናኘሁትና ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ Guest Network የሚለውን አበራሁ። ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስወርድ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

በዚያው ቀን ፍጥነት ለካሁ። በቤቱ ኔትወርክ ማውረጃው 9 ሜጋ ቢት፣ መጫኛው 3 ሜጋ አካባቢ። በእንግዳው ኔትወርክም ያው። ሁለቱንም አንድ ላይ ስለካ ተካፈሉት። የሰፈራችን ስም ቧንቧ ውሃ ስለሆነ በቧንቧ ልናገር፦ አንድ ቧንቧ ላይ ሁለት ጎማ ብትሰኩ ውሃው አይበዛም። የእንግዳው ኔትወርክ የሚወጣው ከዚያው ራውተር፣ በዚያው አንቴና፣ በዚያው ቻናል ነው። እንዲያውም ራውተሩ የእያንዳንዱን ስም መኖር በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ማስታወቅ ስላለበት ስም በተጨመረ ቁጥር ከአየሩ ትንሽ ይወሰዳል። አንድ ስም ለመጨመር ግድ የለውም፤ አምስት ስድስት ለመደርደር ግን አያዋጣም። ይህን ሳላውቅ ፍጥነት እገዛለሁ ብዬ ነበር የከፈልኩት።

ታዲያ አምና ምን ነበር የገደለን? ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እንግዳ ስልኩን ዋይፋይ ላይ ሲያገናኝ ስልኩ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የመንገዱን ፎቶ ሁሉ ወደ መጠባበቂያ መላክ ይጀምራል። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 32 ሜጋ ቢት ነው፤ በ3 ሜጋ መስመር አሥር ሰከንድ ይወስዳል። ሦስት መቶ ፎቶ ያለው አንድ ስልክ ብቻውን መስመሩን ለአንድ ሰዓት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። እነሱ ደግሞ አሥራ አንድ ናቸው። መጫኛው ሲሞላ ማውረዱም ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም አንድ ገጽ ስንከፍት የእኛ መሣሪያ «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚል ትንሽ መልእክት መላክ አለበት፣ ያ መልእክት ደግሞ ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ይህን የሚያሳየው የፍጥነት መለኪያ ሳይሆን ፒንግ፣ ማለትም አንድ ትንሽ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ስለካ 45 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነበር። የራሴን ስልክ በእንግዳው ኔትወርክ ላይ አድርጌ አንድ ትልቅ ቪዲዮ እንዲጭን አዘዝኩና በኮምፒውተሩ ደግሜ ለካሁ፤ 700፣ 850፣ አንዳንዴም ከ900 በላይ። የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ድምፁ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ በእንግዳው ኔትወርክ ላይ ገደብ ማስቀመጥ ነበር። በእኔ ራውተር ገደቡ ያለው Bandwidth Control በሚለው ገጽ ላይ ነው። ማውረጃውን 5 ሜጋ፣ መጫኛውን 1 ሜጋ አደረግሁ። አደረግሁ ብዬ ነበር ማለት ይሻላል። ሳጥኑ የሚጠይቀው በኪሎ ቢት ነው፤ እኔ 5 እና 1 ብዬ ሞላሁ። ለሦስት ቀን የመጣ ሁሉ «ዋይፋዩ ይይዛል፣ ግን ምንም አይከፍትም» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ እላለሁ። ወደ 5120 እና 1024 ስቀይረው ነገሩ ተስተካከለ። ያንኑ ሙከራ ስደግመው ፒንጉ ከ60 እስከ 90 መሀል ሆነ። የዚህ ሁሉ የፍጥነት ጥቅም ይቺ አንዲት ገደብ ናት። የእንግዳው ኔትወርክ ያገዘኝ እንግዶቹን በአንድ ስም ስር ሰብስቦ ገደቡን ለማን እንደማደርግ በማሳወቁ ነው፤ አለበለዚያ የእያንዳንዱን ስልክ መለያ እየፈለግሁ መገደብ ነበረብኝ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ገደቡን ስታበሩ ብዙ ራውተሮች ሥራውን በዋናው አንጎላቸው መሥራት ይጀምራሉ፤ አቋራጩን ይተዋሉ። በ10 ሜጋ መስመር ልዩነቱ አይታይም። መስመሩ በመቶዎች ሜጋ የሆነለት ሰው ግን ጠቅላላ ፍጥነቱ ሊወርድበት ይችላል፤ ከማብራቱ በፊትና በኋላ ይለካ።

ወደ ዕቃዎቹ ልሂድ። ሁለት ስማርት አምፖል፣ አንድ የግቢ ካሜራና ቴሌቪዥን አሉን። ሁሉንም ወደ እንግዳው ኔትወርክ አዛወርኩ፤ ርካሽ ካሜራ ከሥራ ኮምፒውተሬ ጋር አንድ ቤት እንዲያድር አልፈለግሁም።

አምፖሎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህ የእንግዳውን ስም በዚያ ባንድ ላይ ማብራትና ጥበቃውን WPA2 ላይ መተው ግድ ነበር። ስታስተዋውቋቸውም ስልካችሁ በዚያው የእንግዳ ኔትወርክ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ስልኬ ወደ ቤቱ ኔትወርክ ቢመለስም አምፖሉ ይታዘዛል፤ ትእዛዙ በኢንተርኔት ዞሮ ነው የሚመጣው። መስመር ሲቋረጥ ግን እጄ ላይ ያለው ስልክ ሁለት ሜትር ርቆ የተሰቀለውን አምፖል ማጥፋት አይችልም። ያኔ የግድግዳው ማብሪያ አለ።

ቴሌቪዥኑ አንድ ሳምንት አልቆየም። ልጆቹ ከስልካቸው ቪዲዮ ወደ ስክሪኑ የሚልኩት ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ በእንግዳውና በቤቱ ኔትወርክ መሀል ግድግዳ ስለሚያቆም ስልኩ ቴሌቪዥኑን አያየውም። ወደ ቤቱ መለስኩት። ካሜራው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ግቢ ውስጥ ድመት ባለፈ ቁጥር ቅጂ ይልካል፤ እንግዳ በበዛበት ቀን ከፎቶዎቹ ጋር በዚያች 1 ሜጋ ላይ ይጣላና ምስሉ ይቆማል። የካሜራውን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌ የእንግዳውን መጫኛ ወደ 1536 ከፍ ስላደረግሁለት ይሻላል፤ በዓል ሲሆን ግን አሁንም ይንተባተባል። ዛሬ ቢሆን ካሜራውን በገደቡ ውስጥ አላስገባውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ። ራውተሩ ላይ እንግዶች ወደ ቤቱ ኔትወርክ እንዲገቡ የሚፈቅደውን፣ Allow guests to access my local network የሚለውን ሳላበራ ስለተውኩ ግድግዳው ቆሟል ብዬ ተኝቼ ነበር። በጥምቀት የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጣ፤ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። አቦሉ ሳይወርድ ላፕቶፑን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ የእናንተ ሞደም አይደል?» አለኝ። ከእንግዳው ኔትወርክ ሆኖ ሁለት ነገር ነበር የጻፈው፦

```
ping 192.168.0.1
ping 192.168.1.1
```

የመጀመሪያው የአዲሱ ራውተር የቤት አድራሻ ነው፤ መልስ አልሰጠም፣ እንደሚገባው ተዘግቷል። ሁለተኛው የሞደሙ ነው፤ ወዲያው መለሰ። በብራውዘሩ ሲከፍተው የመግቢያ ገጹ መጣ፤ ፓስወርዱም ሲገዛ የነበረው ነው። አልፎም በኬብል ሞደሙ ላይ የተሰካውን ፕሪንተሬን አገኘው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ራውተር የሚከልለው ከኋላው ያለውን ቤት ነው። ከፊቱ ያለው ሁሉ፣ ሞደሙም ጭምር፣ ለእሱ «ውጭ» ነው፤ እንግዳ ደግሞ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተፈቅዶለታል።

በዚያው ዕለት ፕሪንተሩን ነቅዬ አዲሱ ራውተር ላይ ሰካሁት፣ የሞደሙን የራሱን ዋይፋይ አጠፋሁ፣ ፓስወርዱንም ቀየርኩ። የመግቢያ ገጹ አሁንም ለእንግዳ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚነካው ነገር የለም። ራውተራቸውን በ Access Point ሁነታ የሚያስሩ ሰዎች ደግሞ የባሰ ሊገጥማቸው ይችላል፤ በዚያ ሁነታ አድራሻ የሚያድለው ሞደሙ ስለሆነ በብዙ ራውተሮች ላይ የእንግዳው ስም ይኖራል እንጂ ግድግዳው አይኖርም። በእነዚያ ሁለት መስመሮች መፈተን አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አድራሻዎቹን በራሳችሁ ቤት ባሉት ተኩ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ የእንግዳው ዋይፋይ እንዲጠፋ ሰዓት ሞልቼ ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እስኪያገኝ ግራ ይጋባል፣ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ተውኩት። ፓስወርዱን ደግሞ በካሜራ የሚነበብ ምልክት አድርጌ አትሜ ከረከቦቱ አጠገብ ለጠፍኩት። ምልክቱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

```
WIFI:T:WPA;S:Engida;P:buna-jeba-2;;
```

ከበዓል በኋላ ቁጥሩን እቀይራለሁ፤ ያኔ ግን አምፖሎቹንና ካሜራውንም እንደገና ማስተዋወቅ አለብኝ። እንግዳና ዕቃ አንድ ስም ላይ ማኖር ያለው ዋጋ ይህ ነው፤ ለዕቃዎቹ ሦስተኛ ስም የሚያወጣ ራውተር ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

ዘንድሮ ለግሸን አሥራ ሦስት ሆነው መጡ። መስከረም 20 ማታ፣ ሁሉም ስልክ በእንግዳው ላይ ተገናኝቶ፣ ፒንጉ 80 አካባቢ ነበር፤ ፋይሌም በአንድ ጊዜ ሄደ። የእማዬ ታላቅ እህት ግን ዋሽንግተን ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ እያወሩ ፊቷ ሲደበዝዝባቸው «ልጄ፣ የእናንተ ዋይፋይ ዘንድሮ ደክሟል» አሉኝ። ነገ አየዋለሁ አልኩ። ጠዋት የተገናኙትን ዝርዝር ስከፍት ስልካቸው በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ፣ ከሥራ ኮምፒውተሬ ሥር ተቀምጧል። እማዬን ጠየቅኋት።

«እንግዳ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።