ለጥገና ሥራ፦ አምስት ትንንሽ ፍላሽ፣ አንድ ትልቅ ፍላሽ ወይስ አሮጌ ኤስኤስዲ?

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም ላፕቶፕ ጥገና ገና መጀመራቸው ነው። «ዊንዶውስ 10ም፣ 11ም፣ ሊኑክስም፣ ሌላ ሌላውም አንድ ላይ ያለበት ፍላሽ ልሠራ ነው፣ ምን ልግዛ?» ነው ነገሩ። ለእያንዳንዱ የአሥር ደቂቃ ድምፅ መላክ ሰለቸኝ፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ፈልጉ፣ የዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ክተቱት፣ ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑበት። በቃ። የቀረው ጽሑፍ እዚህ መልስ ላይ ለመድረስ የከፈልኩት ብር ታሪክ ነው።

ስጀምር እንደ ብዙው ሰው የመጫኛ ፍላሽ በሚሠራው ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ነበር የምሠራው። ሩፈስን ክፉ አልናገረውም። ዊንዶውስ 11 ሲጽፍ ቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የደህንነት ግዴታዎች አንስቶ ይጽፍላችኋል፣ ለአሮጌ ማሽን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አንድ ፍላሽ ላይ አንድ ኢሜጅ፣ ማለትም አንድ የመጫኛ ፋይል ብቻ መጻፉ ነው። ስለዚህ አምስት ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ገዛሁ። አንዱ 500 ብር፣ አምስቱ 2,500። ጀርባቸው ላይ በማርከር «10»፣ «11»፣ «ሚንት» እያልኩ ጻፍኩ። ማርከሩ በሁለት ሳምንት ለቀቀ። አንዱ ፍላሽ የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ እንደተሰካ ሄደ፣ ሌላው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። የዊንዶው አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ደግሞ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጻፍ አለ። በብር ስታስቡት ከሁሉም ውዱ መንገድ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ትንሽ ፍላሽ መጥፋቱ አይቀርም።

ቬንቶይ ይሄን ሁሉ ያስቀራል። ነፃ ነው። አንዴ ስትጭኑት ዲስኩን ለሁለት ይከፍለዋል። ትልቁ ክፍል ለእናንተ ነው፤ ትንሿ VTOYEFI የምትባል 32 ሜጋ ክፍል ለራሱ ናት፣ እሷን አትንኳት። ከዚያ በኋላ ኢሜጁን፣ ማለትም የአይኤስኦ ፋይሉን ልክ እንደ ዘፈን ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ሲነሳ የፋይሎቹ ዝርዝር ይመጣል፣ የምትፈልጉትን መርጣችሁ ኢንተር ትጫኑታላችሁ። አዲስ እትም ከመጣ አሮጌውን ፋይል ታጠፉና አዲሱን ትከታላችሁ። ትልቁ ክፍል በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ስለሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይልም ይቀበላል። የዊንዶውስ 11 ኢሜጅ ደግሞ ከ5 ጊጋ በላይ ነው። ሌላው ብዙ ኢሜጅ የሚይዝ ፕሮግራም ዩሚስ ለምትሉ፣ ኤክስፋት የሚለው የዩሚ እትም ራሱ ከውስጡ በቬንቶይ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ምንጩ ሂዱ።

እንግዲህ ቬንቶይ ምን ላይ ይጫን? እዚህ ላይ ነው እኔ የተበላሁት።

መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁና 512 ጊጋ ፍላሽ በ1,300 ብር አየሁ። አጠገቡ የተቀመጠው 64 ጊጋ 1,200 ብር ነበር። በ100 ብር ልዩነት ስምንት እጥፍ! እዚያው ሱቁ ውስጥ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም፣ ስስት ያዘኝ። ቤት ገብቼ ቬንቶይ ጫንኩ፣ ኢሜጆቹን ኮፒ አደረግኩ፣ ቦታ ተረፈኝ ብዬ የድራይቨር ስብስብና የደንበኛ ባክአፕ ሳይቀር ሞላሁበት። ሁሉም ያለ ምንም ስህተት ገባ። በማግስቱ የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 ልጭን ጀመርኩ። ዝርዝሩ መጣ፣ መጫን ጀመረ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ።

```
Windows cannot install required files.
Error code: 0x80070570
```

እኔ ደግሞ ጥፋቱን ላፕቶፑ ላይ ጣልኩት። ራሙን ቀየርኩ። ዲስኩን ቀየርኩ። ደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ግማሽ ቀን ከባከነ በኋላ ነው አይኤስኦውን በቀጥታ ልፈትሸው ያልኩት፦

```
certutil -hashfile E:\Win11.iso SHA256
```

ይሄ ትእዛዝ ከፋይሉ ይዘት መለያ ቁጥር ያሰላል። የመጣው ቁጥር ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ቤት ካለው ኦሪጅናል ፋይል ላይ ሳየው ግን ይገጥማል። ፋይሉ ፍላሹ ላይ ሲገባ ነው የተበላሸው ማለት ነው። ማታውን ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለውን ፕሮግራም አስነስቼ ተኛሁ። እሱ የሚያደርገው ቀላል ነው፦ ፍላሹን እስከ አፉ በሚያውቀው ዳታ ይሞላና መልሶ ያነባል። ጠዋት ስነሳ ገና አልጨረሰም። 512 ጊጋ በሴኮንድ 10 ሜጋ በሚጽፍ ፍላሽ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲጨርስ «The media is likely to be defective» አለኝ። እውነተኛው ቦታ 29 ጊጋ አካባቢ ብቻ ነው።

የዚህ ማጭበርበር አሠራር እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ በስሙ 32 ጊጋ፣ ዊንዶው በሚቆጥረው 29 ግድም ነው፤ ቺፑን የሚቆጣጠረው ክፍል ግን 512 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ዊንዶው ያምነዋል። 32ቱ እስኪሞላ ሁሉም ልክ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ ይጠፋል ወይ የቀድሞውን ይደመስሳል። የፋይሉ ስምና መጠን ግን ይታያል። ለዚህ ነው ኮፒ ሲደረግ ምንም ስህተት የማይመጣው። ስለዚህ «ከፍቼ አየሁት፣ 512 ይላል» ማለት ምንም ማስረጃ አይሆንም። ሊኑክስ ያላችሁ ሌሊቱን ሙሉ አትጠብቁ፣ f3 የሚባለውን ፕሮግራም ከጫናችሁ ይሄ ትእዛዝ በጥቂት ደቂቃ ይነግራችኋል (ፍላሹ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ ባዶ ላይ ሞክሩት፣ `sdb` የሚለውንም በ`lsblk` አረጋግጡ)፦

```
sudo f3probe --destructive --time-ops /dev/sdb
```

የሚያስቀው ነገር ያን ያህል ቦታ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10፣ ዊንዶውስ 11፣ የጥገና ፕሮግራሞች የታጨቁበት ሃይረንስ ቡትሲዲ ፒኢ፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ክሎንዚላ፣ ጂፓርትድና ሜምቴስት ተደምረው 20 ጊጋ ግድም ናቸው። ዊንዶውስ 10ን ማይክሮሶፍት ጥቅምት 2025 ላይ ድጋፉን ቢያቆምበትም እኔ አላወጣሁትም፣ አሮጌ ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው አላለቀም። እንግዲህ ኦሪጅናል 64 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ኤስኤስዲ የማታገኙ ከሆነ እሱን ግዙ፣ አልከራከርም።

ግን ኤስኤስዲ ይሻላል። የኔ ሂሳብ እንዲህ ነው፦ ስክሪኑ ተሰብሮ ከተጣለ ላፕቶፕ የወጣ 128 ጊጋ በ1,000 ብር፣ ኬዙ 600 ብር። ድምሩ 1,600። ከ64 ጊጋው ፍላሽ በ400 ብር ይበልጣል። ለ400 ብሩ ምን አገኘሁ? አንደኛ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ዲስክ ስለሆነ ፌክ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ጤናውን አያለሁ፤ ፍላሽ ግን የሚሞትበትን ቀን አይናገርም፣ ዝም ብሎ ይሞታል። ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። ሃይረንስ በርካሽ ፍላሽ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። በቀን አምስት ማሽን ለሚያነሳ ሰው ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። «ፖርታብል ኤስኤስዲ 16 ቴራ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ግን እንዳትነኩት። አንዱን ፈትቼ አይቻለሁ፣ ውስጡ ያለችው ሚሞሪ ካርድ ናት።

ቬንቶይን ኤስኤስዲ ላይ ስትጭኑ አንድ ነገር ግራ ያጋባችኋል። Ventoy2Disk ስትከፍቱ ዲስኩ አይታይም። Option ውስጥ ገብታችሁ Show All Devices በሉት። አሁን ሁሉም ይታያል፣ የራሳችሁ ኮምፒውተር ዲስክም ጭምር። Install ማለት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ስለሆነ የጊጋ መጠኑን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ተጫኑ። በኋላ አዲስ እትም ሲመጣ Update የሚለው ፋይላችሁን አይነካም። 128 ጊጋ ያልኩትም በምክንያት ነው፤ አንዳንድ አሮጌ ባዮስ ከ128 ጊጋ በላይ ያለውን የዩኤስቢ ዲስክ ክፍል ማንበብ አይችልም። 500 ጊጋ ብትጠቀሙ ኢሜጁ መጨረሻ አካባቢ ከተቀመጠ በአዲስ ማሽን ይነሳል፣ በአሮጌው እምቢ ይላል፣ እናንተም እንደኔ ራም ስትቀይሩ ትውላላችሁ።

አዳዲስ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ስትሰኩት ሰማያዊ ስክሪን ላይ Verification failed ሊመጣ ይችላል። ሴኪዩር ቡት ነው፣ አትደንግጡ። Enroll key from disk ብላችሁ VTOYEFI ውስጥ ያለውን `ENROLL_THIS_KEY_IN_MOKMANAGER.cer` ምረጡ፣ ለዚያ ማሽን አንዴ ይበቃል። ብዙ ልጆች ይሄን ሲያዩ ሮጠው ባዮስ ገብተው ሴኪዩር ቡትን ያጠፋሉ። የደንበኛው ዲስክ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ዊንዶው በሚቀጥለው ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ደንበኛው ደግሞ ቢትሎከር የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። መልሳችሁ ብታበሩት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል፣ ላቡ ግን የእናንተ ነው።

ሌላው፣ 11ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የሆነ ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ዊንዶው ሲጫን የዲስኩ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዲስኩ ሞቷል ብላችሁ ለደንበኛው አዲስ እንዳታስገዙት፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ዲስኩን የሚያሳየው የቪኤምዲ ድራይቨር ነው። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አውርዱና የተፈታውን ፎልደር ከአይኤስኦዎቹ ጎን አስቀምጡት። Load driver ስትሉ እዚያው ታገኙታላችሁ። በሩፈስ ጊዜ ለዚህ ስድስተኛ ፍላሽ ነበረኝ።

የደንበኛው ዊንዶው በርቶ እያለ ዲስካችሁን አትሰኩ። ሾርትከት ቫይረስ ያለበት ማሽን በሰከንድ ውስጥ ይለቅባችኋል፣ ከዚያ እናንተ ለሚቀጥሉት አሥር ደንበኞች ታድላላችሁ። ማሽኑን አጥፉ፣ ሰኩ፣ ከዲስኩ አንሱ። ይሄ የማያስጨንቃችሁ አይኦዲዲ የሚባለውን ኬዝ ከገዛችሁ ነው፤ ራሱ ሲዲ ድራይቭ መስሎ ይቀርባል፣ እንዳይጻፍበትም መቆለፍ ይቻላል። ግን ከ100 ዶላር በላይ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ኖሯችሁ የሚልክላችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ ለኬዝ ያን ያህል አልከፍልም።

ያ 512 ጊጋ ፍላሽ አሁንም አለ። ሱቁ አልመልስም አለኝ። 28 ጊጋ ብቻ ከፋፍዬ ዘፈን ሞላሁበትና የሱቄ ስፒከር ላይ ተሰክቷል። እስካሁን አንድም ዘፈን አልዘለለም።